በኮት ኪስ የገባው ጽሑፍ

እ.ኤ.አ. በ1963 ብሩስ ሄንደርሰን የተባለ የ48 ዓመት ሰው በአሜሪካዋ ቦስተን ከተማ የማማከር ሥራ ጀመረ። ቢሮው የራሱ እንኳ አልነበረም፤ የአንድ የከተማዋ ባንክ ክፍል ሆኖ ነው የተቋቋመው። ሠራተኛው መጀመሪያ ላይ እሱ ብቻ ነበር፤ የመጀመሪያው ወር ገቢ ደግሞ 500 ዶላር። በዚያው ገበያ ላይ ማኪንዚ ከ1926 ጀምሮ ይሠራል፣ ቡዝ አለን ከ1914 ጀምሮ። የትልልቅ ፋብሪካ አለቆች ችግር ሲገጥማቸው ስልክ የሚደውሉት ወደ እነዚህ ነበር። ሄንደርሰንን ማንም አያውቀውም።

ማስታወቂያ ማስነገር ያስችለው ነበር? ገንዘቡ አልነበረውም፤ ቢኖረውም ነውር ነበር። በዚያ ዘመን የአማካሪነት ሥራ እንደ ሕክምናና ጥብቅና ክብሩን የሚጠብቅ ሙያ ነው ተብሎ ይታሰብ ስለነበር፣ «ወደ እኛ ኑ» ብሎ በጋዜጣ መለፈፍ የተናጋሪውን ደረጃ ያወርዳል። የአሜሪካ ጠበቆች እንኳ ማስታወቂያ እንዳያወጡ ተከልክለው ቆይተው፣ በሩ የተከፈተላቸው የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1977 በሰጠው ውሳኔ ነው።

ሄንደርሰን ሌላ መንገድ መረጠ። ከ1964 ጀምሮ አጫጭር ጽሑፎች እየጻፈና እያስጻፈ በፖስታ ለኩባንያ ኃላፊዎች ይልክ ጀመር። «ፐርስፔክቲቭስ» ተብለው የተጠሩት እነዚህ ጽሑፎች ጥቂት ገጽ ብቻ ነበሩ፤ የታተሙበት ወረቀት ደግሞ በኮት የደረት ኪስ እንዲገባ ተደርጎ የተመጠነ ነው። አንድ ጽሑፍ አንድ ሐሳብ ብቻ ይይዛል። ስለ ዋጋ አወጣጥ፣ ስለ ተወዳዳሪ ባሕርይ ወይም ኩባንያ ለምን እያደገ ገንዘብ እንደሚያጥረው ያወራል። አጻጻፉ ደፋርና አከራካሪ ነበር፤ ያነበበ ሰው ተስማማም አልተስማማም ለባልደረባው ሳያነሳው አያልፍም። ያቺ አንድ ክፍል ዛሬ ቦስተን ኮንሰልቲንግ ግሩፕ ተብሎ የሚታወቀው ዓለም አቀፍ ድርጅት ናት።

ዛሬ ይህን ዓይነት ሥራ የንግድ ሰዎች «ኮንቴንት ማርኬቲንግ» ይሉታል። ስሙ አዲስ ነው፤ ስለ ራስ ከማውራት ይልቅ ደንበኛ ሊሆን ለሚችል ሰው የሚጠቅመውን ነገር ጽፎ በነፃ መስጠት ግን የቆየ ነው። ለስላሳ መጠጥ ለሚሸጥ ኩባንያ ይህ መንገድ ከብዙዎቹ አንዱ ነው። ጠበቃ፣ የሂሳብ አዋቂ፣ ኦዲተር፣ መሐንዲስ ወይም አማካሪ ለሆነ ሰው ግን ጉዳዩ ይለያል፤ ምክንያቱም የሚሸጠው ነገር በዓይን አይታይም።

ማይክል ዳርቢና ኢዲ ካርኒ የተባሉ ሁለት የኢኮኖሚክስ ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተሙት ጥናት ይህን በደንብ ለይተውታል። ጫማ የሚገዛ ሰው ከመክፈሉ በፊት አገላብጦ ማየት ይችላል። ምግብ ቤት የገባ ሰው አስቀድሞ ባያውቅም ከበላ በኋላ ይፈርዳል። ሦስተኛ ዓይነት ዕቃና አገልግሎት ግን አለ፤ ገዢው ከፍሎ ከተገለገለ በኋላም ጥሩ ይሁን መጥፎ ማወቅ የማይችለው። ክርክር የተሸነፈ ሰው ጠበቃው ደካማ ነበር ወይስ ጉዳዩ ከመጀመሪያው የማይረታ ነበር? ኦዲት የተደረገ ድርጅት ስህተት አልተገኘበትም ማለት ስህተት የለበትም ማለት ነው ወይስ ኦዲተሩ አላየውም? ደንበኛው በራሱ ሊመልሰው አይችልም። ስለዚህ የሚገዛው ባለሙያውን አምኖ ነው። «ልምድ ያካበትን፣ ታማኝና ቀልጣፋ ነን» የሚለው ማስታወቂያ እዚህ ላይ አቅም የሚያጣው ለዚህ ነው፤ ሰነፉም ጎበዙም እኩል ሊጽፈው ይችላል። አንድን የተወሳሰበ ጉዳይ ፈትቶ በሁለት ገጽ ማስረዳት ግን የማያውቅ ሰው ሊያደርገው አይችልም። ጽሑፉ ራሱ የሙያው ናሙና ይሆናል።

ወደ ሄንደርሰን ስንመለስ፣ በጣም የሚያስገርመው የሰጠው ነገር መጠን ነው። ድርጅቱ በ1960ዎቹ አጋማሽ ለኤሌክትሮኒክስ አምራቾች ሲሠራ አንድ ተደጋጋሚ ነገር አስተዋለ። አንድ ምርት ከተጀመረ አንስቶ የተመረተው ጠቅላላ ብዛት እጥፍ በሆነ ቁጥር፣ የአንዱ ማምረቻ ወጪ ከ20 እስከ 30 በመቶ ይቀንሳል። ይህን «የልምድ ኩርባ» አሉት። በቁጥር ሲታይ እንዲህ ነው፦ የመጀመሪያዎቹ 1,000 ዕቃዎች ተመርተው ሲያልቁ የአንዱ ወጪ 100 ብር ከሆነና ቅናሹ 20 በመቶ ከሆነ፣ 2,000 ሲሞላ 80 ብር ይሆናል፤ 4,000 ሲሞላ 64፤ 8,000 ሲሞላ 51 ብር ከ20 ሳንቲም። እንግዲህ ከተወዳዳሪው ቀድሞ ብዙ ያመረተ ኩባንያ በወጪ ቀድሞ ይሄዳል ማለት ነው፤ ገና በጊዜ ዋጋ ቀንሶ ገበያውን ቢይዝ የሚያዋጣበት ምክንያት ይኸው ነው።

ሌላ ሰው ቢሆን ይህን ግኝት በመሳቢያ ቆልፎ ለከፋይ ደንበኛ ብቻ ይሸጠው ነበር። ቦስተን ኮንሰልቲንግ በጽሑፍ አወጣው። ያነበበው የፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ ሐሳቡን በነፃ አገኘ፤ ወዲያው ግን የራሱ ጥያቄዎች መጡበት። የእኛ ኩርባ 20 በመቶ ነው ወይስ 30? ከተጀመረ እስካሁን ስንት አምርተናል? ተወዳዳሪያችንስ? የዋጋ ንረቱ ሲቀነስ እውነተኛው ወጪያችን ስንት ነው? የጋራ ወጪ ለየትኛው ምርት ይቆጠራል? እነዚህን ለመመለስ ወራት የሚፈጅ የመረጃ ሥራ ያስፈልጋል። ስልክ የሚደወለው ያኔ ነው። ጽሑፉ መርሁን ሰጠ፤ መርሁን በአንድ የተወሰነ ፋብሪካ ላይ የማዋሉ ሥራ ግን ለክፍያ ቀረ።

እ.ኤ.አ. በ1970 የወጣው ሌላው ጽሑፍ ደግሞ እስከ ዛሬ በየቢዝነስ ትምህርት ቤቱ ይሳላል። በአንድ ትልቅ ኩባንያ ሥር ያሉ ሥራዎችን እንደ ገበያው ዕድገትና እንደ ኩባንያው የገበያ ድርሻ በአራት ሣጥን የሚከፍለው ሠንጠረዥ ነው። ዕድገቱ በቀዘቀዘ ገበያ ውስጥ ትልቅ ድርሻ የያዘው ሥራ ላም ተባለ፤ ታልቦ ገንዘብ ስለሚሰጥ። በሚያድግ ገበያ የሚመራው ኮከብ፣ በሚያድግ ገበያ ወደኋላ የቀረው የጥያቄ ምልክት፣ በሁለቱም ደካማ የሆነው ደግሞ ውሻ። አራት ሣጥን ማንም በናፕኪን ወረቀት ላይ ይሥላል፤ ለዚህም ነው ጽሑፉ በአለቆች ስብሰባ ሁሉ የተዳረሰው። ሠንጠረዡ በታየ ቁጥር የድርጅቱ ስም አብሮ ይነሳል።

ይህ ሲባል ሁሉም ነገር ያማረ አልነበረም። ቀላል ሐሳብ ቶሎ ይሠራጫል፤ ሲሠራጭ ግን ማስጠንቀቂያው በመንገድ ላይ ይቀራል። «ውሻ» የተባለ ክፍል ሁሉ መሸጥ ወይም መዘጋት አለበት ብለው የተረጎሙ ኃላፊዎች ነበሩ፤ ስሙ ራሱ ለዚያ ይጋብዛል። የልምድ ኩርባውም ቢሆን ገደብ አለው። በ1974 ዊልያም አበርናቲና ኬኔት ዌይን በሃርቫርድ ቢዝነስ ሪቪው ባወጡት ጽሑፍ የፎርድን ታሪክ አንስተው ነበር፤ ፎርድ ሞዴል ቲ የተባለችውን መኪና ለዓመታት ወጪዋንና ዋጋዋን እያወረደ ሲሠራ የገዢው ምርጫ ተቀየረና በ1927 ምርቷን ሙሉ በሙሉ ለማቆም ተገደደ። የባለሙያ ጽሑፍ ላይ ገደቡን ያልጻፈ ሰው ሌሎች መጥተው ይጽፉለታል።

ተቃራኒውን መንገድ የመረጠም አለ። ከሄንደርሰን ሥር ይሠራ የነበረው ቢል ቤይን በ1973 ባልደረቦቹን ይዞ ወጥቶ የራሱን ድርጅት መሠረተ። የቤይን ድርጅት በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ምስጢረኛ በመሆኑ ይታወቅ ነበር፤ ሠራተኞቹ የስም ካርድ እንኳ አይዙም፤ በአንድ የሥራ ዘርፍ ከአንድ ደንበኛ በላይ አይቀበልም። ጽሑፍ በማሠራጨት ፋንታ በኩባንያ አለቆች ግላዊ ትውውቅ አደገ፤ በጣምም አደገ። እንግዲህ ጽሑፍ ብቸኛው በር ነው ማለት አይቻልም። የቤይን መንገድ ግን መጀመሪያውኑ የአለቆቹን ደጅ የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል። ሄንደርሰን ያ አልነበረውም፤ አብዛኛው አዲስ የተከፈተ ቢሮም የለውም።

አዲስ አበባ ላይ ይህ ነገር እንዴት ሊሠራ እንደሚችል ለማየት የጥብቅና ሙያ ጥሩ ምሳሌ ነው። አዋጅ ቁጥር 1249/2013 ጠበቆች በድርጅት መልክ ተደራጅተው እንዲሠሩ ፈቅዷል፤ ስለዚህ የግለሰብ ጠበቃ ስም ብቻ ሳይሆን የድርጅት ስም መገንባት አሁን ትርጉም አለው። ሙያው በማስታወቂያ ረገድ የራሱ የሥነ ምግባር ገደብ ስላለበትም በቢልቦርድ መፎካከር አያዋጣም። የጽሑፍ መድረክ ግን ሞልቷል፤ የቴሌግራም ቻናል አለ፣ ድረ ገጽ አለ፣ የጋዜጣ ዓምድ አለ።

አምስት ጠበቆች ያሉበትና ከአሠሪዎች ጋር መሥራት የሚፈልግ ድርጅት እንዳለ እናስብ። የመጀመሪያው ፈተና የሚጻፈውን መምረጥ ነው። ብዙ ቢሮዎች እዚህ ላይ «የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ ምንነት» ብለው ይጀምሩና አንባቢውን በትርጓሜ ያደክሙታል። የሚሻለው ጥያቄውን ከስልክ መውሰድ ነው። በአንድ ወር ውስጥ የደወሉ ሰዎች የጠየቁትን በደብተር ቢመዘግቡ አንዱ ጥያቄ ደጋግሞ ይመጣል፦ «ሥራ ቀዘቀዘብን፤ ሠራተኛ ብናሰናብት ስንት እንከፍላለን?»

ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጥ ጽሑፍ ምን ይመስላል? የመጀመሪያው አንቀጽ መልሱን ራሱን መያዝ አለበት። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሥራ ስንብት ክፍያ የሚገባው ሠራተኛ ለመጀመሪያው ዓመት አገልግሎቱ የ30 ቀን ደመወዝ ያገኛል፤ ስሌቱ የሚያዘውም በመጨረሻው ሳምንት በነበረው አማካይ የቀን ደመወዝ ነው። ከዚያ በኋላ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት የዚያ አንድ ሦስተኛ ይጨመራል፤ ጠቅላላው ግን ከ12 ወር ደመወዝ አይበልጥም። የተሰናበተው በሠራተኛ ቅነሳ ምክንያት ከሆነ በዚህ ላይ የ60 ቀን ደመወዝ ይጨመርለታል።

ሕጉን እንዲህ መጥቀስ ብቻውን አንባቢን አያሳርፍም፤ ምሳሌ ይፈልጋል። 40 ሠራተኛ ያለው አንድ የልብስ ስፌት ድርጅት ትዕዛዝ ቀንሶበት ስድስት ሰው ሊቀንስ ነው። ከስድስቱ አንዷ አምስት ዓመት ሠርታለች፤ ደመወዟ በወር 15,000 ብር ነው። ለቀላልነት ወሩ በ30 ቢካፈል የቀን ደመወዟ 500 ብር ይሆናል። ለመጀመሪያው ዓመት 15,000 ብር፤ ለቀሪዎቹ አራት ዓመታት 5,000 በ4 ሲባዛ 20,000 ብር፤ አንድ ላይ 35,000። የቅነሳው 60 ቀን ሌላ 30,000 ብር ያመጣል። ድምሩ 65,000 ብር ነው። በየዓመቱ አንድ ሙሉ ወር እያሉ የሚያሰሉ አሠሪዎች አምስት ዓመቱን 75,000 ብለው ይደነግጣሉ፤ የ60 ቀኑን የማያውቁ ደግሞ 35,000 ከፍለው ጨረስን ይላሉ። ሁለቱም ተሳስተዋል። የትርፍ ሰዓት ክፍያና ቦነስ ደመወዝ ውስጥ እንደማይቆጠሩም በአንድ ዓረፍተ ነገር መጥቀስ ይበቃል።

እስከዚህ ድረስ ያነበበ የሰው ኃይል ኃላፊ የድርጅቱን ስም ባያስታውስም ጽሑፉን ለአለቃው ይልከዋል። አሁን የሚመጣው ክፍል ግን ወሳኝ ነው፤ ጽሑፉ አጠቃላይ መልስ የሚያልቅበትን ቦታ በሐቀኝነት ማሳየት አለበት። አዋጁ «የሠራተኛ ቅነሳ» የሚለው ነገር የራሱ ቁጥር አለው፦ ከጠቅላላው ሠራተኛ ቢያንስ 10 በመቶውን የሚነካ፣ ከ20 እስከ 50 ሠራተኛ ባለው ድርጅት ደግሞ ቢያንስ አምስት ሰው የሚነካ፣ ከ10 ተከታታይ ቀናት ባላነሰ ጊዜ ውስጥ የሚካሄድ መሆን አለበት። ባለ 40 ሠራተኛው ድርጅት ስድስት ሰው ሲያሰናብት ነገሩ ግልጽ ነው። ሦስት ሰው ቢያሰናብትስ? ዛሬ ሦስት፣ በሚቀጥለው ወር ሌላ ሦስት ቢያሰናብትስ? ማን ይቅር፣ ማን ይሂድ የሚለው ቅደም ተከተልስ እንዴት ይወሰናል? እዚህ ጋ መልሱ በድርጅቱ ሰነድ፣ በሠራተኛው ውልና በጊዜው ላይ ይንጠለጠላል። ጽሑፉ «ይህን የሚወስኑት እነዚህ ነገሮች ናቸው፤ የእርስዎ የትኛው እንደሆነ ሰነድ ሳይታይ አይነገርም» ብሎ ቢያቆም ውሸት አልተናገረም፤ ለመኖም አልወጣም። ጉዳዩ የገጠመው አሠሪ ራሱ ይደውላል።

ብዙ ጽሑፍ የሚበላሸው በዚህ ቦታ ነው። አንዳንዱ መልሱን ይደብቃል፦ ሦስት አንቀጽ ስለ ጉዳዩ አሳሳቢነት አውርቶ «ለዝርዝሩ ይደውሉልን» ይላል። አንባቢው ጥያቄውን ይዞ መጥቶ ጥያቄውን ይዞ ይመለሳል፤ ሁለተኛ ጊዜ የዚያን ቢሮ ጽሑፍ አይከፍትም። ሌላው ደግሞ ከመጠን በላይ ይሰጣል፤ የግል ምክር የሚመስል ነገር ጽፎ ሰው ያለ ሰነድ ምርመራ እርምጃ እንዲወስድ ያደርጋል። የመጨረሻው ጥፋት ከሁሉ የከፋ ነው፤ ምሳሌውን ሕያው ለማድረግ የእውነተኛ ደንበኛን ጉዳይ ስሙን ብቻ ለውጦ ማውጣት። አዲስ አበባ ትልቅ ብትመስልም በአንድ ዘርፍ ያሉ ነጋዴዎች እርስ በርስ ይተዋወቃሉ፤ «አንድ በቃሊቲ መንገድ ያለ የፕላስቲክ ፋብሪካ» ሲባል ማን እንደሆነ የሚያውቁ አሥር ሰዎች አሉ። የደንበኛ ምስጢር የወጣበት ጠበቃ ምን ያህል ቢማር ማን ያምነዋል?

አንባቢው ማን እንደሆነ አስቀድሞ መወሰንም ብዙዎች ቸል የሚሉት ጉዳይ ነው። ያንኑ የስንብት ክፍያ ጽሑፍ «ከሥራ ሲሰናበቱ የሚገባዎት ክፍያ» በሚል ርዕስ ቴሌግራም ላይ ቢለጥፉት በሺዎች ይነበባል። አብዛኞቹ አንባቢዎች ግን ሠራተኞችና የሕግ ተማሪዎች ይሆናሉ። ለእነሱ መጻፍ መልካም ሥራ ነው፤ ከአሠሪዎች ጋር መሥራት የሚፈልገው ድርጅት ግን ያን ቁጥር አይቶ ገበያ አገኘሁ ቢል ራሱን ያታልላል። ርዕሱ «ሠራተኛ ከመቀነስዎ በፊት የሚያሰሉት ወጪ» ቢሆን አንባቢው ያንሳል። የሚያነቡት ግን የፋብሪካ ባለቤቶች፣ የሰው ኃይልና የፋይናንስ ኃላፊዎች ናቸው። ሄንደርሰንም ጽሑፎቹን ለሕዝብ አልበተነም፤ መወሰን ለሚችሉ ሰዎች ነው በስማቸው የላከው።

ማን ይጻፈው የሚለው ጥያቄ ደግሞ የየቢሮው ራስ ምታት ነው። ጉዳዩን የሚያውቀው ከፍተኛ ጠበቃ ፍርድ ቤት ነው፤ መጻፍ የሚችለው ወጣት ደግሞ ጉዳዩን ገና አልኖረበትም። «ሁሉም በየወሩ አንድ ይጻፍ» የሚለው መመሪያ ብዙውን ጊዜ ሁለተኛው ወር ላይ ይሞታል። የሚሠራው ዘዴ ቃለ መጠይቅ ነው። ጸሐፊው ለግማሽ ሰዓት ከጠበቃው ጋር ተቀምጦ ደንበኞች ምን ላይ እንደሚሳሳቱ፣ ምን ላይ እንደሚከራከሩ ይጠይቃል፣ ድምፁን ይቀዳል፤ ከዚያ ጠበቃው እንደተናገረው በተራ አማርኛ ይጽፋል። ጠበቃው የሚያየው ሕጉ በትክክል መጠቀሱንና ቁጥሩ አለመሳሳቱን ብቻ ነው። አራሚው ሰው ዓረፍተ ነገሩን መልሶ ወደ ክስ ማመልከቻ ቋንቋ መለወጥ ሲጀምር ጽሑፉ ሦስት ሳምንት ጠረጴዛ ላይ ይተኛል፤ ሲወጣም ከጠበቃ በስተቀር የሚያነበው የለም።

ውጤቱ እንዴት ይታወቃል? ስንት ሰው አየው የሚለው ቁጥር ቀላል ስለሆነ ብቻ ሁሉም እሱን ይቆጥራል። ለዚህ ዓይነት ድርጅት የሚሻለው መለኪያ ተራ ነው። አዲስ ደንበኛ በመጣ ቁጥር «ማን ነገረዎት?» ተብሎ ይጠየቅና ይመዘገባል። ብዙው ሰው «ጓደኛዬ ነው የነገረኝ» ይላል፤ ይህም በትክክል የሚጠበቅ ነው፤ በኢትዮጵያ ጠበቃና የሂሳብ ሠራተኛ የሚገኘው በሰው በሰው ነው። ጽሑፉ ያንን ሰንሰለት አይተካውም፤ በሰንሰለቱ ውስጥ ይገባል። ስም የተነገረው ሰው ከመደወሉ በፊት የቢሮውን ጽሑፍ ፈልጎ ያነባል። ስለዚህ ሁለተኛ ጥያቄ ያስፈልጋል፦ «ከመምጣትዎ በፊት ያነበቡት ነገር አለ?» ጽሑፉ ሥራውን እየሠራ ከሆነ የመጀመሪያው ስብሰባ መልክ ይቀየራል። ደንበኛው «ስንብት ክፍያ ምንድን ነው?» ብሎ አይጀምርም፤ ሠራተኞቹን በዝርዝር ጽፎ፣ ግምቱን አስልቶ፣ «እኛ በሁለት ዙር ነው የምንቀንሰው፤ ይህ እንዴት ይታያል?» ብሎ ይመጣል። የሚመጡት ሰዎች ቁጥር ብዙ ባይጨምርም ተስማምተው ውል የሚፈርሙት ድርሻ ከፍ ይላል። ይህ ለውጥ ግን በሳምንታት አይታይም፤ ሰው ሠራተኛ የሚቀንሰው በየወሩ አይደለም። ጽሑፉን ዛሬ ያነበበ አሠሪ ጉዳዩ የሚገጥመው ከአንድ ዓመት በኋላ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ትዕግሥት የሌለው ባለቤት አራተኛው ጽሑፍ ላይ «ምን አመጣልን?» ብሎ ያስቆመዋል።

አንድ ነገር ደግሞ ከመጀመሪያው ዕቅድ ውስጥ መግባት ይኖርበታል፤ ሕግ ይለወጣል። ከ1156/2011 በፊት የነበረው አዋጅ ቁጥር 377/1996 ለመጀመሪያው ዓመት አገልግሎት 14 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ ይሰጥ ነበር፤ አዲሱ 16 አደረገው፤ ጭማሪው ግን በየዓመቱ አንድ ቀን መሆኑ ቀርቶ በየሁለት ዓመቱ ሆነ። የሙከራ ጊዜውም ከ45 ቀን ወደ 60 የሥራ ቀን ተለውጧል። በአሮጌው አዋጅ ዘመን የተጻፈና ቀን የሌለው ጽሑፍ ኢንተርኔት ላይ ተቀምጦ ቢገኝ፣ አንድ አዲስ የሰው ኃይል ሠራተኛ 14ቱን ቀን አምኖ የፈቃድ ሠንጠረዥ ያወጣበታል። ስህተቱ ሲገለጥ የሚያስታውሰው ጽሑፉን ያወጣውን ቢሮ ነው። ስለዚህ ነገሩን አጥብቀው የያዙ ድርጅቶች በእያንዳንዱ ጽሑፍ አናት ላይ የተጻፈበትን ቀንና የተመሠረተበትን አዋጅ ቁጥር ያስቀምጣሉ፤ አዲስ አዋጅ በነጋሪት ጋዜጣ በወጣ ቁጥርም ያለፉትን የሚመለከት አንድ ሰው ይመድባሉ። አንዳንዱ ይታረማል፣ አንዳንዱ ይነሳል። ለአዲስ ጽሑፍ ከሚመደበው ጊዜ ላይ ለዚህ ተቀንሶ ከወር ሁለቱ ጽሑፍ አንድ ቢሆን የሚከፋው የለም።